ቃላዱ መጣ ወይስ ተወራ?

በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ። በኋላ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የዘመኑን ደብዳቤና ሪፖርት የጻፉት በአብዛኛው ሹማምንት ናቸው። የገበሬውን ወገን ለመስማት አዛውንቶችን መጠየቅ ግድ ነው፤ የታሪክ ፈተናም እንዲህ ያለውን ቃል ቀንጭቦ ያቀርባል።

ለመለማመጃ ያዘጋጀሁት ይኸው፤ ተናጋሪው የሞጣ አካባቢ ሰው ነው፣ ቃሉ የተቀዳው በ2005 ዓ.ም. ነው እንበል።

«ያኔ እረኛ ነበርኩ። ርስታችንን በቃላድ ሊለኩ መጡ አሉ። አባቶቻችን ተማምለው ዱር ገቡ። አውሮፕላኑ ሲያጓራ ከብቱን ጥዬ ገደል ሥር ተወሸቅሁ። ከአገራችን ለመንግሥት ያደረ አንድም ሰው አልነበረም።»

ጥያቄው፦ የአመፁን መነሻ ለማወቅ ይህ ቃል ምን ያህል ይጠቅማል?

ብዙ ተማሪ «ሰውየው አርጅተዋል፣ ሊረሱ ይችላሉ፣ ያዳላሉም» ብሎ ያልፋል። ይህ ለማንኛውም አዛውንት የሚሠራ መልስ ስለሆነ እምብዛም ነጥብ አያስገኝም። ቃሉን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር መመርመር ያስፈልጋል።

ገደል ሥር መወሸቃቸውን የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው። ልጅን ያስደነገጠ ነገር ከአርባ አምስት ዓመት በኋላም በቀላሉ አይጠፋም፤ የአየር ድብደባው መኖሩም ከሌላ ምንጭ ይታወቃል። የሚጠፋው ወሩና የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ስለ ቃላዱ ግን «መጡ አሉ» ነው ያሉት፤ ሰሙ እንጂ አላዩም። አዋጁም ግብር የጣለው በእርሻ ገቢ ላይ ነው፤ ርስት በቃላድ ይለካ አላለም። ታዲያ ቃሉ ዋጋ የለውም? እንዲያውም የበለጠውን ነጥብ የሚያስገኘው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ምን እንዳለ ለማወቅ አይረዳም፤ ገበሬው ምን እንደፈራ ግን ከአዋጁ የተሻለ ያስረዳል። ግብሩ ርስት ለመንጠቅ የመጣ መንገድ ነው ብሎ ያመነ ሰው መሣሪያ ቢያነሣ አይገርምም።

አድልዎው ያለው በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። እረኛ ልጅ በአገሩ ማን ለማን እንዳደረ ሁሉን ሊያውቅ አይችልም። ከዚያ ወዲህ ሲተረክ የኖረ የአባቶች ገድል ደግሞ ከመንግሥት ጋር የወገኑትን ሳይጠቅስ ያልፋል፤ የእነዚያ ልጆች ዛሬም ጎረቤት ናቸውና። ይህን ለማጣራት ጥሩ ተማሪ የጭቃ ሹም ቤተሰብ ቃልና የዘመኑን የአውራጃ ደብዳቤ ይጠይቃል። ሌሎች አሥር አዛውንት ያንኑ ቢሉም አሥር ምስክር ተገኘ አያሰኝም፤ ሁሉም የሰሙት ከአንድ ለቅሶ ቤት ወይም ከአንድ ማኅበር ሊሆን ይችላል።