ባለቤት ያጣ ሪፖርት

የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት የሚጠናቀረው መጋቢት ሲያልቅ ነው። ያን ሰሞን በየጽሕፈት ቤቱ ስንት ሥራ «ተከናውኗል»፣ ስንት ነገር «እንዲደረግ ተደርጓል»! ማን እንዳደረገው ግን አንባቢው ገጹን ጨርሶም አያውቅም። ለማሳያ ያህል የሚከተለውን አንቀጽ አዘጋጅቻለሁ። የአንድ ወረዳ የንጹሕ መጠጥ ውኃ ፕሮጀክት ሪፖርት ነው እንበል፤ ሪፖርት የሚያነብ ሰው ስልቱን ወዲያው ይለየዋል።

«በሩብ ዓመቱ የ120 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቁፋሮ ተጠናቆ የውኃ መጠን ፍተሻ የተደረገ ሲሆን፣ ከታቀደው 4.2 ኪሎ ሜትር የቧንቧ መስመር ውስጥ 2.9 ኪሎ ሜትሩ እንዲዘረጋ ተደርጓል፤ ቀሪው በመገጣጠሚያና በሲሚንቶ አቅርቦት መዘግየት ምክንያት ሊከናወን ያልተቻለ በመሆኑ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ እንዲገለጽ የተደረገ ሲሆን፣ ለተቋራጩ የ45 ቀን ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጥ ተወስኖ ሥራው እስከ ግንቦት 30 እንደሚጠናቀቅ ይጠበቃል።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አራት ነጥብ ያለው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ መሐሉን «ሲሆን» እና «በመሆኑ» እያያዙት ሄደዋል። ተቋራጩ የተጠራው ተጨማሪ ጊዜ ሊቀበል ሲመጣ ነው፤ ሥራ ሲሠራ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። አሠሪው የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ሥራውን የሚቆጣጠር አማካሪ ድርጅትም አለ፤ ሁለቱም የሉበትም።

ተገብሮውን ወደ ገቢር የመመለሱ ሥራ ከማረም ይልቅ ከምርመራ ጋር ይቀራረባል። የአማርኛ ገቢር ግስ አድራጊውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። «ዘርግቷል» ሲባል አንድ፣ «ዘርግተዋል» ሲባል ብዙ፣ «ዘርግተናል» ሲባል እኛ እንሆናለን። ስለዚህ ጸሐፊው ግሱን ከመጻፉ በፊት ማን እንደሠራ ማወቅ አለበት። ብዙዎች እዚህ ላይ በ«እኛ» ያመልጣሉ፤ «2.9 ኪሎ ሜትር ዘርግተናል» ይላሉ። ግሱ ገቢር ቢሆንም ጽሕፈት ቤቱ ቧንቧ አልዘረጋም፤ የዘረጋው ተቋራጩ ነው። እንዲህ ያለው እርማት ከተገብሮው የባሰ ነው፤ ተገብሮው ዝም ነበር ያለው፣ ይኼኛው ግን የተሳሳተ ነገር ተናገረ።

ስለዚህ መጀመሪያ ብዕር ይቀመጥና ፋይል ይገለጥ። በምሳሌያችን የሥራ ቦታው መዝገብ ጉድጓዱን የቆፈረውም፣ የውኃ መጠኑን የፈተሸውም፣ መስመሩን የዘረጋውም ተቋራጩ መሆኑን ያሳያል። የፍተሻው ቅጽ ላይ የአማካሪው ፊርማ አለ፤ ፍተሻውን ተከታትሏል ማለት ነው። አንቀጹ «ፍተሻ ተደረገ» ይላል እንጂ ውኃው በቂ ሆኖ ተገኘ አይልም። «ፈትሾ አረጋግጧል» ብሎ መጻፍ ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር ነው፤ ግን «አረጋግጧል» አዲስ መረጃ ነው፣ አንቀጹ ውስጥ የለም።

አስቸጋሪው ቦታ የመዘግየቱ ምክንያት ነው። «የመገጣጠሚያና የሲሚንቶ አቅርቦት መዘግየት» የሚለው ሐረግ ሁለት ዕቃዎችን አንድ ከረጢት ውስጥ ከቶ አፉን አስሮታል። ውሉ ሲገለጥ መገጣጠሚያውን የሚያቀርበው ጽሕፈት ቤቱ፣ ሲሚንቶውን የሚገዛው ተቋራጩ ሆኖ ተገኘ እንበል። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በግንባታ ውል ውስጥ አሠሪው ላዘገየው ዕቃ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል፤ ራሱ ላዘገየው ግን የመዘግየት ቅጣት ሊከተለው ይችላል። ሪፖርቱን ከፋይሉ አውጥቶ የሚያነብ ኦዲተር መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ «ጽሕፈት ቤቱ መገጣጠሚያውን አዘገየ» እንበል? እኔ አልልም። «አዘገየ» ጥፋተኛ ይሾማል። ፋብሪካው አዘግይቶት ይሆናል፣ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል፤ አንቀጹ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። አማርኛ ግን ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚሆን ግስ አለው። «ዘገየ» ተገብሮ አይደለም፣ ማንንም አይከስም፣ ዕቃው ራሱ ባለቤት ይሆናል። «ጽሕፈት ቤቱ የሚያቀርበው መገጣጠሚያና ተቋራጩ የሚገዛው ሲሚንቶ ስለዘገዩ» ብንል፣ ዕቃው የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይታወቃል፤ ማን እንዳጠፋ ግን አልፈረድንም።

ስለ 45 ቀኑ ቃለ ጉባኤው የወሰነው ጽሕፈት ቤቱ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ «ጽሕፈት ቤቱ ወስኗል» ይባላል፤ «ሰጥቷል» ግን አይባልም። በውሳኔውና ተቋራጩ እጅ በሚገባው ደብዳቤ መካከል ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። «ይጠበቃል» የሚለውም ጠባቂ ይፈልጋል። ግንቦት 30 የሚለው ቀን የተገኘው ተቋራጩ ካቀረበው አዲስ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ነው። «ይጠናቀቃል» ብንል የተቋራጩን ዕቅድ የጽሕፈት ቤቱ ቃል ኪዳን እናደርገዋለን። «ተቋራጩ ለማጠናቀቅ አቅዷል» ማለት ቀኑን ለባለቤቱ ይመልሳል።

ደብዳቤው ቀረ። ፋይሉ ውስጥ ቅጂው የለም፤ ማን ጻፈው፣ «የሚመለከተው አካል»ስ ማን ነው፣ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። እንግዲህ ይህ ዓረፍተ ነገር በተገብሮው ይቆያል። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ማን? ለማን? ቁጥሩና ቀኑ?» ብሎ ጽፎ ለክፍል ኃላፊው መላክ ይሻላል። ግሱን ለማቃናት ሲባል ጸሐፊ መፍጠር አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንቀጹ እንዲህ ይሆናል፦

«ተቋራጩ በሩብ ዓመቱ የ120 ሜትር ጥልቀት ያለውን ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርሷል። የውኃውንም መጠን ፈትሿል፤ አማካሪው ፍተሻውን ተከታትሏል። ከታቀደው 4.2 ኪሎ ሜትር የቧንቧ መስመር ውስጥ ተቋራጩ 2.9 ኪሎ ሜትሩን ዘርግቷል። ጽሕፈት ቤቱ የሚያቀርበው መገጣጠሚያና ተቋራጩ የሚገዛው ሲሚንቶ ስለዘገዩ ቀሪውን 1.3 ኪሎ ሜትር መዘርጋት አልቻለም። በዚህም የተነሣ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ ተገልጿል። ጽሕፈት ቤቱ ለተቋራጩ የ45 ቀን ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ወስኗል። ተቋራጩ ሥራውን እስከ ግንቦት 30 ለማጠናቀቅ አቅዷል።»

አሁን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ነው። 120፣ 4.2፣ 2.9፣ 45 እና ግንቦት 30 በሁለቱም ላይ አሉ። 1.3 በመቀነስ የተገኘ ስለሆነ ችግር የለበትም። 2.9ን ለ4.2 አካፍሎ «ፕሮጀክቱ 69 በመቶ ደርሷል» ማለት ግን አይቻልም፤ 69 በመቶ የቧንቧው ርዝመት እንጂ የፕሮጀክቱ አይደለም። ከቁጥሩ ቀጥሎ ማያያዣዎቹ ይታያሉ። የመጀመሪያው «በመሆኑ» ምክንያትን ከውጤት ያስተሳስር ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲቆረጥ ያ ማሰሪያ እንዳይወድቅ «በዚህም የተነሣ» ገብቷል። «ሲሆን» ግን ምንም አያስተሳስርም ነበርና ያለ ምትክ ወጥቷል። የ45 ቀኑ ውሳኔ የመጣው በደብዳቤው ምክንያት ይሁን አይሁን አንቀጹ አልተናገረም፤ እኛም «ስለዚህ» አላልንም።

አንዳንዱ አራሚ «ተ» ያለበትን ግስ ሁሉ ያሳድዳል። «ተቀበለ»፣ «ተረከበ»፣ «ተከታተለ» በ«ተ» ቢጀምሩም አድራጊያቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አማካሪው «ተከታትሏል» ሲባል የሚጎድል ሰው የለም። እነሱን መንካት አያስፈልግም።

የታረመው አንቀጽ ለኃላፊ ሲቀርብ «ጽሕፈት ቤቱ የሚያቀርበው» የምትለው ሐረግ ትውጣልን የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከወጣች «ተቋራጩ የሚገዛው» የምትለውም አብራ መውጣት አለባት፤ አለበለዚያ መዘግየቱ በሙሉ በአንደኛው ወገን ላይ ይወድቃል።