መድኃኒት ወደ አንጎል የሚገባባት ጠባብ በር

የፓርኪንሰን ሕመም የሚከሰተው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ነው። ዶፓሚን ሲያንስ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ጡንቻ ይገታል፤ እንቅስቃሴም ይዘገያል። ይሁንና የጎደለውን ዶፓሚን በመርፌ መስጠት ለዚህ ሕመም አይፈይድም። በደም ሥር የተሰጠ ዶፓሚን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይለውጣል እንጂ ወደ አንጎል አይዘልቅም። በደምና በአንጎል መካከል የሚያግደው አጥር አለ።

የዚህ አጥር መኖር በግልጽ የታየው በጀርመን የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ኤድዊን ጎልድማን ባደረጓቸው ሙከራዎች ነው። ጎልድማን ሰማያዊ ቀለም በእንስሳት ደም ውስጥ ሲጨምሩ ሌሎች የአካል ክፍሎች ቀለሙን ሲይዙ አንጎል ግን ሳይነካ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1913 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ደግሞ ያንኑ ቀለም አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ሲጨምሩ አንጎል ቀለሙን ያዘ። ስለዚህም አንጎል ቀለሙን መቀበል ይችላል፤ ከደም እንዳይደርሰው ግን የሚያግደው ነገር አለ ማለት ነው።

አጥሩ የሚገኘው በአንጎል ውስጥ በተዘረጉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ነው። በብዙዎቹ የሰውነት ክፍሎች የዚህ ግድግዳ ሕዋሳት በመካከላቸው ክፍተት ስላላቸው በደም ውስጥ የሟሙ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች በዚያው ሾልከው ይወጣሉ። በአንጎል ውስጥ ግን ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተጣብቀው የተገጣጠሙ በመሆናቸው ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ በራሱ በሕዋሱ አካል ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል።

የሕዋሱ ሽፋን ከስብ የተሠራ ነው። እንደ ኦክስጅንና አልኮል ያሉ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች በቀላሉ ያልፉታል። አንጎል የሚፈልጋቸው ስኳርና አሚኖ አሲዶች ግን በዚህ መንገድ ማለፍ ስለማይችሉ ለየራሳቸው የተዘጋጁ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ተቀብለው ያሻግሯቸዋል። ዶፓሚን በስብ ውስጥ ለማለፍ የሚመች አይደለም፤ የሚያሻግረው በቂ አጓጓዥም የለውም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሌቮዶፓ ነው። ሌቮዶፓ ሰውነት ዶፓሚንን የሚሠራበት አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ በአሚኖ አሲዶች አጓጓዥ በኩል አጥሩን ይሻገራል። ከገባ በኋላ በአንጎል ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ ዶፓሚን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በቪየና ለሕመምተኞች በመርፌ ሲሰጥ መንቀሳቀስ ተስኗቸው የነበሩ ሰዎች ለሰዓታት ያህል መንቀሳቀስ ችለዋል።

ችግሩ ግን ያው ኢንዛይም ከአንጎል ውጭም መኖሩ ነው። ሌቮዶፓ ብቻውን ሲዋጥ አብዛኛው አጥሩ ጋ ሳይደርስ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ይህ ዶፓሚን ወደ አንጎል አይገባም፤ ከአጥሩ ውጭ የሚገኘውን የማስታወክ ስሜት ቀስቃሽ የአንጎል ክፍል ግን ስለሚነካ ሕመምተኛውን ያቅለሸልሸዋል።

በዚህም ምክንያት ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ እንክብል ይዘጋጃል። ካርቢዶፓ ኢንዛይሙን ከሥራ ያግዳል፤ እርሱ ራሱ ግን አጥሩን አያልፍም። ስለዚህ ለውጡ በደምና በአንጀት ሲታገድ በአንጎል ውስጥ ይቀጥላል። በዚህ ዘዴ የሚያስፈልገው የሌቮዶፓ መጠን በ75 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ኢንዛይሙን በሚገባ ለማገድ በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ ከዚህ ያነሰ የሚወስድ ሕመምተኛ ማቅለሽለሽ ሊያጋጥመው ይችላል።

ማቅለሽለሹን ለማስታገስ የሚመረጠው መድኃኒትም ከአጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሜቶክሎፕራማይድ አጥሩን አልፎ በአንጎል ውስጥ የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ የፓርኪንሰን ሕመምን ያባብሳል። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ለማስታወክ መድኃኒት ሲታዘዝለት ሕመሙን ለሐኪሙ ማሳወቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ምግብም የራሱ ድርሻ አለው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ጥራጥሬ ሲፈጩ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች በአንጀትም ሆነ በአጥሩ ላይ ሌቮዶፓን በአጓጓዡ ይሻሙታል። ጠዋት በሚገባ የሠራው መድኃኒት ከምሳ በኋላ የደከመ መስሎ ከታየ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲወስዱ ይመከራሉ፤ ሰዓቱንም ሆነ መጠኑን መለወጥ ያለበት ግን ሐኪሙ ነው።

ሌቮዶፓ የሕመሙን ምልክቶች ያስታግሳል እንጂ የሕዋሳቱን ሞት አያቆምም። ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ዶፓሚንን የሚያከማቹት ሕዋሳት ስለሚመናመኑ የእያንዳንዱ እንክብል ውጤት የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ ከአጥሩ ማዶ የሚደርሰው መጠን ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥርም የሕመምተኛው እንቅስቃሴ አብሮት ይለዋወጣል።