ጥናቶቹን አታሰልፏቸው፣ አገናኟቸው

ሊትሬቸር ሪቪው (በአማርኛ ክለሳ ድርሳን) እየጻፋችሁ ነው እንበል። «እገሌ ይህን አጠና፤ እገሊት ያንን አገኘች» እያላችሁ አሥር ገጽ ሞላችሁ። አሁን የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል አቀያይሩት። ምንም ካልተበላሸ ድሮም አልተያያዙም ነበር፤ የጻፋችሁት ዝርዝር ነው።

በአንድ እውነተኛ ጉዳይ እንየው። ለሁሉም ሕፃናት የሆድ ትላትል መድኃኒት ማደል ይጠቅማል? ሚጌልና ክሬመር በ2004 ባሳተሙት የኬንያ ጥናት፣ በ75 ትምህርት ቤቶች ውስጥ መድኃኒቱ ከትምህርት መቅረትን በሩብ ያህል ቀንሷል አሉ። አዋስቲና ባልደረቦቿ በ2013 ከሰሜን ሕንድ፣ ከአንድ ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ያወጡት ውጤት ግን በሞት ላይ የታየው ለውጥ እዚህ ግባ የማይባል ነው የሚል ነው። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ለሁሉም በጅምላ ማደል በሕፃናት ክብደት ላይ ያለው ለውጥ ትንሽ ነው ወይም የለም ይላል።

በተርታ ስትጽፏቸው አንባቢ «ታዲያ ማን ልክ ነው?» ብሎ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሥሩ። በየረድፉ አንድ ጥናት፣ በየዓምዱ አንድ ጥያቄ ይግባ፦ የተጠኑት እነማን ናቸው? ትሉ ምን ያህል በዝቶባቸው ነበር? የተለካው ምንድን ነው? ሲሞላ ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች አንብቡ።

«የተለካው» በሚለው ዓምድ አንዱ ጋ ከትምህርት መቅረት፣ ሌላው ጋ ሞት፣ ሦስተኛው ጋ ክብደት ታገኛላችሁ። «ትሉ» በሚለው ደግሞ የኬንያዎቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ ተይዘው ነበር፤ የሕንዶቹ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡት ሕፃናት፣ ጫናቸው ቀላል ነበር። ፀቡ ግማሽ በግማሽ በረደ ማለት ነው!

አንቀጹ አሁን ከዓምዱ ይወለዳል፦ «የመድኃኒቱ ጥቅም በትሉ ብዛት የሚወሰን ይመስላል። ጫናው ቀላል በሆነበት ሰሜን ሕንድ ለውጡ ትንሽ ነው (አዋስቲና ሌሎች፣ 2013)፤ ብዙዎች በተያዙበት ኬንያ ግን መቅረት ቀንሷል (ሚጌልና ክሬመር፣ 2004)። ሆኖም የተለካው የተለያየ ስለሆነ ልዩነቱን ለትሉ ብዛት ብቻ መስጠት አይቻልም።» አረፍተ ነገሩን የሚመራው ሐሳቡ ነው፤ ስሞቹ ቅንፍ ውስጥ ገብተዋል። የመጨረሻዋን «ሆኖም» እንዳትዘሏት፤ እሷ ከሌለች ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ተናግራችኋል።

አንድ ዓምድ ደግሞ ለጥራት ተዉ። የኬንያው ጥናት በ2015 በሌሎች ተመራማሪዎች እንደገና ተሰልቶ ብዙ አከራክሯል። ይህን ሳትጠቅሱ ሦስቱንም እኩል ብትመዝኗቸው ሚዛኑ ይዛባል።

ዓምዶቹን ግን ሳታነቡ አትወስኑ። እኔ መጀመሪያ የማወጣቸው ግማሾቹ ባዶ ይቀራሉ፤ አራት አምስት ጥናት ካነበብኩ በኋላ ነው የሚስተካከሉት። አንድ ጥናት ብቻ የሞላው ዓምድ ካለ ደግሞ ለጊዜው ጭብጥ አታድርጉት። ምናልባት ማንም ያላጠናው፣ እናንተ ልታጠኑት የምትችሉት ክፍተት እዚያው ይሆናል።