ኩሬው ውስጥ ያለው ልጅ እና የጎረቤታችን በሬ

ባለፈው ሰኔ ነው። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ላይ የማላውቃት ሴት ፎቶ መጣ። ልጇን አቅፋለች፤ ከሥሯ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «ሼር በማድረግ ተባበሩ» የሚል ጽሑፍ አለ። ያለችበትን ቦታ በስም እንኳ በቅጡ አላውቀውም። አውራ ጣቴ ገፋ አደረጋትና አለፈች። እግሬ ላይ በዚያው ሳምንት በ4,500 ብር የገዛሁት ጫማ ነበር።

ቤት ሳልደርስ እናቴ ከከላላ ደወለች። ሰላምታው እንዳለቀ፣ በልጉ ሳይሰምር ስለቀረ ጎረቤታችን የቀረውን አንድ በሬ ሸጠው አለችኝ።

«እንዴ፣ እህል ከገበያ ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ እህሉማ ሞልቷል ልጄ። መግዣው ነው እንጂ የጠፋው።»

ወዲያው 2,000 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ማታ ስተኛ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለጎረቤታችን እጄ ቶሎ ተዘረጋ፤ ለሴትዮዋ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱም ተርበዋል። ልዩነታቸው እኔ አንዱን ማወቄ፣ ሌላዋን አለማወቄ ብቻ ነው። ይህ በቂ ምክንያት ነው?

የሲንገር ኩሬ

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያከረረው ፒተር ሲንገር የተባለ አውስትራሊያዊ ፈላስፋ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጊዜው የዛሬዋ ባንግላዴሽ ሕዝብ በሚሊዮን እየተሰደደ ወደ ሕንድ የገባበት ነው። ክርክሩን በቀላል ምሳሌ አስረዳው። በአንድ ኩሬ አጠገብ እያለፍክ ነው። ትንሽ ልጅ ውሃው ውስጥ ሲሰምጥ አየህ። ኩሬው ጥልቅ አይደለም፤ ገብተህ ታወጣዋለህ። የምታጣው ነገር ቢኖር ልብስህ በጭቃ መበላሸቱ ነው። «ልብሴ ይበላሻል» ብሎ ያለፈን ሰው ምን እንለዋለን?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲንገር ግን ከዚያ ቀጥሎ ይጠይቃል፦ ልጁ ከእግርህ ሥር ሳይሆን ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሰምጥ፣ አንተም በጫማህ ዋጋ ልታድነው ብትችል፣ ርቀቱ ምን ይለውጣል? ምንም፣ ይላል። ሌሎች ሰዎችም ቆመው ማየታቸው ያንተን ግዴታ አያነሳም። እንዲያውም መስጠት ደግነት ሳይሆን ግዴታ ነው ባይ ነው።

እኔ በዚህ እስማማለሁ። ርቀት ግዴታን አይሽርም። ችግሩ ኩሬው ላይ ነው። የኩሬው ልጅ ድንገት ወድቋል፣ በዓይንህ ታየዋለህ፣ እጅህን ትዘረጋለህ፣ ታሪኩ ያልቃል። ረሃብ እንዲህ አይመጣም። ለዚህ ደግሞ ከራሳችን ከወሎ የተሻለ አስረጂ የለም።

ስልሳ ስድስት

የኛ አገር ሽማግሌዎች «ስልሳ ስድስት» ካሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወሩት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ የገባው ረሃብ የፈጀው ሕዝብ ግምቱ ከ40,000 እስከ 200,000 ይለያያል። ከላላና ቦረና የዚያ እልቂት እምብርት አልነበሩም፤ የከፋው በሰሜንና በምሥራቅ፣ በዋግ፣ በላስታ፣ በራያ፣ በየጁና በአፋር ቆላ ነው።

በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያወጣው ውጤት፣ እናቴ በስልክ ከነገረችኝ ጋር አንድ ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ብዙም አልቀነሰም። የደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም። እንዲያውም ሰው እየሞተ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር።

እንዴት እንዲህ ይሆናል? ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ያጣው ምግቡን ብቻ አይደለም፤ ገቢውንም ጭምር ነው። የሚቀረው ከብት መሸጥ ነው። እንግዲህ አስቡት። በደህናው ጊዜ አንድ በግ አንድ ኩንታል ገብስ ይገዛል እንበል። ዝናቡ ሲቀር ሁሉም ሰው በጉን ይዞ በአንድ ቀን ገበያ ይወጣል፤ የበግ ዋጋ በግማሽ ይወርዳል። የገብስ ዋጋ የጨመረው ግን በሩብ ብቻ ነው። አሁን ያው በግ የሚገዛው ምን ያህል ነው? 40 ኪሎ። ገብሱ ዓይኑ ሥር ተቆልሏል፤ ከቤተሰቡ አፍ ግን ከግማሽ በላዩ ሄዷል። ነጋዴም ገንዘብ የሌለው ሰው ጋ እህል አያመጣም፤ ገንዘብ ወዳለበት ይጭናል።

ስለዚህ የተራበ ሰው ኩሬ ውስጥ ድንገት አይገኝም። በጉን ሲሸጥ፣ ከዚያ ላሟን፣ ከዚያ በሬውን ሲሸጥ ለወራት ወደ ኩሬው እየተራመደ ነው። ምልክቱም ፎቶ ላይ ሳይሆን ገበያ ላይ ይታያል፦ የከብት ዋጋ ሲወርድና የእህል ዋጋ ሲወጣ።

አጥሩ

ኩሬው የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። በምሳሌው ውስጥ ባንተና በልጁ መካከል ማንም አልቆመም። በስልሳ ስድስት ግን መንግሥት ቆሞ ነበር፤ ረሃቡ እንዲታወቅ አልፈለገም። በ1965 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶዎች ግቢ ውስጥ ሲያሳዩ፣ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ነገሩን ያየው ያኔ ነው። ዓለም ያወቀው ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ተመልካቹ ገንዘብ አዋጣ። የኩሬው ክርክር ሠራ ማለት ነው፤ ግን አጥሩ እስኪፈርስ ስንቱ ሞቶ ነበር።

ያው ፊልም ከዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ደርግ ከንጉሡ የድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ ቀጠለውና ጃንሆይ ከሥልጣን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ፣ በቴሌቪዥን አሳየው። የሚሰምጠውን ልጅ የሚደብቅ እንዳለ ሁሉ፣ ለራሱ ጉዳይ የሚያሳይም አለ።

ዛሬ ስልካችን ላይ የሚመጣው ፎቶም ከዚህ አያመልጥም። እኔ አሁን ከመላኬ በፊት የማያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ፎቶውን በምስል ፍለጋ እፈልገዋለሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ አገር ታሪክ የወጣ ከሆነ እተወዋለሁ። የሒሳቡ ባለቤት ስም ከጠያቂው ጋር መግጠሙን አያለሁ። ያለፈው መዋጮ የት እንደደረሰ ተናግረው እንደሆነም ወደ ኋላ ሄጄ አነባለሁ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ርቀት የሚወስድብን ግዴታችንን ሳይሆን እውቀታችንን ነው፤ አሥሩ ደቂቃ ለሱ ነው።

ስንት? መቼ?

ሲንገር ክርክሩን እስከ ጥግ ሲወስደው፣ ከዚህ በላይ ብሰጥ ከተቀባዩ እኩል እጎዳለሁ እስክትል ድረስ ስጥ ይላል። ከአንዱ ኩሬ ቀጥሎ ሌላ ኩሬ፣ ከዚያም ሌላ አለና። ይህን የሚችል ሰው አላውቅም። የማይቻል ግዴታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ላለመስጠት ሰበብ ይሆናል።

የኛ አካባቢ ሰው ይህን ጥያቄ ቀድሞ መልሶታል። ክርስቲያኑ አስራት አለው፤ ከአሥር አንድ። ሙስሊሙ ዘካ አለው፤ ዓመት ከሞላው ገንዘብ ከመቶ ሁለት ተኩል፣ በዝናብ ከበቀለ እህል ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ከሆነ ከሃያ አንድ። ብዙ የለፋ ጥቂት ይሰጣል፤ ሰማይ የሰጠው ጨመር ያደርጋል። ልኩ የታወቀ ስለሆነ ሰው በየፎቶው ልቡ ሲሰበርና ሲደነድን አይኖርም። ቅሬያችንም እንዲሁ ነው፤ ለቀብር ያልመጣ ይቀጣል። «ሌላው ይሄዳል» ብሎ መቅረት የለም። የቅሬ ጉድለቱ ከመንደሩ አለማለፉ ነው። ያቺ ሴት የማንም ቅሬ አባል አይደለችም፤ ለሷ የሲንገር ክርክር ያስፈልጋታል።

«መቼ» የሚለውም ቀላል አይደለም። አገራችን ለዓመታት በየዓመቱ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ስታሰማ ኖራለች፤ እህሉ ሲደርስ ብዙው ሰው ጥሪቱን ሸጦ ጨርሷል። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሐሳቡ ይህን መቅደም ነበር፦ በየዓመቱ ለሚቸገረው ቤተሰብ፣ ጥሪ ሳይጠበቅ፣ በታወቁ ወራት ገንዘብ ወይም እህል መስጠት። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፤ አቅመ ደካማው በነፃ ይቀበላል። እሱም ቢሆን ተፈትኗል። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ ሲንር የተሰጠው ብር የሚገዛው አነሰና ብዙ ሰው «በእህል ስጡን» አለ። ገበያው ላይ እህል ካለና ዋጋው ከረጋ ብር ይበልጣል፤ ዋጋው እየሮጠ ከሆነ ግን እህሉ ራሱ።

በሬው

ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። የላክሁት 2,000 ብር ደርሶታል፤ መርቆኛል። በሬው ግን ሄዷል። ድሮ በዚያ አንድ በሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርስ ነበር። ዘንድሮ ክረምት መሬቱን የእኩል ሰጠ፤ ከምርቱ ግማሹ የባለ በሬው ነው። እናቴ በሚያዝያ በጎቹን ሲሸጥ ነግራኝ ነበር። ያኔ «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ያው 2,000 ብር በሚያዝያ ቢደርሰውና ሌሎች የሰፈሩ ልጆችም ቢጨምሩበት፣ ምናልባት በሬው አይሸጥም ነበር። ያኔ ግን የሚሰምጥ ሰው አልታየኝም፤ የሚራመድ ሰው ነበር።

አሁን ከደመወዜ ከሃያ አንድ ለይቻለሁ። ግማሹ ከከላላ ልጆች ጋር ለምናዋጣው ነው፤ በየወሩ እናቴን የምጠይቃት የበግና የገብስ ዋጋ ነው። ግማሹ ለማላውቀው ሰው፣ አጣርቼ፣ ፎቶ ሳልጠብቅ በየወሩ ይሄዳል። ከሃያ አንድ ይበቃል? ሲንገር አይበቃም ይለኛል፤ ጫማዬን ሳየው እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።

የሴትዮዋን ፎቶ በማግሥቱ ፈልጌው ነበር። ወደ ታች ብወርድ ብወርድ አጣሁት።