ከስክሪንሾት ላይ ሁለት እኩልታዎችን መፍታት

በስልክ ስክሪንሾት የተላከ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

2x + 3y = 13
5x − 2y = 4

ምስሉ ከደበዘዘ የመቀነስ ምልክቷ በቀላሉ ትጠፋለች፤ ስለዚህ እኩልታዎቹን ወረቀት ላይ ሲገለብጡ መጀመሪያ የሚመረመሩት ምልክቶቹ ናቸው።

በማስወገድ ዘዴ አንደኛው ፊደል እንዲጠፋ ይደረጋል። የመጀመሪያው እኩልታ በ2፣ ሁለተኛው በ3 ሲባዛ 4x + 6y = 26 እና 15x − 6y = 12 ይገኛሉ። ሲደመሩ y ይጠፋና 19x = 38 ይቀራል፤ x = 2 ነው። ይህ በመጀመሪያው እኩልታ ሲተካ 4 + 3y = 13 ስለሚሆን y = 3 ይወጣል።

ሁለት እኩልታዎችን መደመር ለምን ይፈቀዳል? 15x − 6y እና 12 አንድ ዋጋ ስላላቸው፣ በሌላው እኩልታ ግራና ቀኝ ላይ ሲጨመሩ እኩልነቱ አይፈርስም። ሁለቱን እኩልታዎች የሚያሟላ ጥንድ ድምሩንም ያሟላል ማለት ነው። ይህ ግን ግማሹ ምክንያት ብቻ ነው፤ 19x = 38 ብቻውን ስለ y ምንም አይናገርምና። ከድምሩ ጋር አንደኛው እኩልታ እስከተያዘ ድረስ ሌላውን በመቀነስ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ማባዛቱም በማካፈል ይመለሳል፤ በ0 ማባዛት የሚከለከለው መመለሻ ስለሌለው ነው። እርምጃው ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚመለስ መፍትሔ አይጠፋም፣ አዲስም አይጨመርም።

ማረጋገጫው ዋጋዎቹን በሁለቱም እኩልታዎች መተካት ነው፦ 4 + 9 = 13፣ 10 − 6 = 4። የመቀነስ ምልክቷ እንደ መደመር ተነብባ ቢሆን ኖሮ x = −14/11 ይወጣ ነበር። መተካቱ ይህን ስህተት የሚያጋልጠው ከወረቀቱ ቅጂ ሳይሆን ከራሱ ከምስሉ ጋር ሲመሳከር ነው።