ሁለት መሣሪያ፣ አንዲት ተማሪ

ከዙም ስብሰባ በኋላ የሚወርደው ሰንጠረዥ የተሳታፊው መሣሪያ በገባና በወጣ ቁጥር አዲስ መስመር ይመዘግባል። ስለዚህ ደቂቃዎቹን ዝም ብሎ መደመር ያሳስታል።

ትምህርቱ ከ2:00 እስከ 3:00 ነው እንበል፤ ተገኝቷል ለመባል 45 ደቂቃ ይጠየቃል። አንዲት ተማሪ በላፕቶፕ ከ1:50 እስከ 2:25፣ በስልክ ደግሞ ከ2:15 እስከ 2:40 ቆይታለች። ድምሩ 60 ደቂቃ ይመጣል። ነገር ግን ትምህርቱ ሳይጀመር የጠበቀችው 10 ደቂቃ ይቀነሳል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች አብረው የቆዩበት 10 ደቂቃም አንዴ ብቻ ይቆጠራል። የቀረው 40 ነው፤ አልሞላም።

ከባዱ ሥራ ግን ሁለቱ መስመሮች የእሷ መሆናቸውን ማወቅ ነው። ስልኩ በወንድሟ ስም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በተመዘገበ ኢሜይል ማዛመድ ይሻላል፤ ኢሜይል የሌለውን መስመር ከመሰረዝ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።