ቁጣው ሲወጣ ቅሬታው ይለዝባል?

ለተናደደ ሰው «ኢሜይሉን ረጋ ብለህ ጻፈው» ቢሉት «ተለማመጥ» የተባለ ያህል ይከፋዋል። ብዙዎቻችን ቁጣው ከወጣ ቅሬታውም አብሮ የሚወጣ ይመስለናል። ነገር ግን በንዴት የተጻፈን ረቂቅ መስመር በመስመር ላየው ሰው፣ ቅሬታው የጠፋው ገና ሲጻፍ ነው። አንድ ምሳሌ እናስብ። በጃማ ወረዳ፣ በደጎሎ ዙሪያ ያለ የገበሬዎች ማኅበር አዲስ አበባ ካለ አስመጪ የስንዴ መውቂያ ማሽን ገዛ እንበል። ቀብድ 180,000 ብር ከፍሏል፤ ርክክቡ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ጥር 13 ደርሶም ማሽኑ የለም። ጸሐፊው እንዲህ ይጽፋል፦ «እናንተ አታላዮች ናችሁ። ብራችንን ከበላችሁ በኋላ ስልክ እንኳ አታነሱም። ስንዴው በክምር ሊበላሽብን ነው። አሁኑኑ ካላመጣችሁ ማን እንደሆንን እናሳያችኋለን!»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ውሉ አልተጠቀሰም፤ የተከፈለው ብርም፣ ያለፈው ቀንም የለም። «አሁኑኑ» ደግሞ ቀን አይደለም። አስመጪው ሊይዘው የሚችለው አንድ ቃል ቢኖር «አታላዮች» የሚለውን ነው። ማታለል በወንጀል ሕጋችን ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ፣ ክርክሩ ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ስም ማጥፋት ሊዞር ይችላል። ሕጉ ከእንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772፣ ውል አልተፈጸመልኝም ባይ በመርህ ደረጃ አስቀድሞ ሌላውን ወገን በማስጠንቀቂያ እንዲፈጽም መጠየቅ አለበት ይላል። በቁጥር 1774 መሠረትም በማስጠንቀቂያው ውስጥ የመጨረሻ ቀን መቁረጥ ይቻላል፤ ቀኑ ግን ምክንያታዊ መሆን አለበት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ ኢሜይል ነው ተብሎ ብቻ የሚናቅ ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ረቂቁ ሲታረም የሚሆነው ይህ ነው፦ «በውላችን መሠረት ማሽኑን የምታስረክቡን ታኅሣሥ 20 ነበር። ቀብድ 180,000 ብር ከፍለናል፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ዛሬ ጥር 13፣ 23 ቀን አልፏል። ጥር 5 እና 9 ደውለን መልስ አላገኘንም። ስንዴው ሳይወቃ በክምር ላይ ነው። እስከ ጥር 20 ማሽኑን እንድታስረክቡን እንጠይቃለን፤ ካለፈ ርክክቡን አንቀበልም፤ ቀብዳችንን ለማስመለስና ኪሣራ ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት እንሄዳለን።» ስድብ ወጣ እንጂ ቅሬታው አልቀነሰም። እንዲያውም ለአስመጪው የሚያስፈራው ይኼኛው ነው።

በሌላ በኩል ረጋ ያለ ማለት የቢሮ አማርኛ ማለት የሚመስላቸውም አሉ። «ጉዳዩ በአንክሮ ታይቶ አስፈላጊው መፍትሔ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን» ብለው ያሰማምሩታል። ማን ያየዋል? መቼ? መፍትሔውስ ምንድን ነው? ይህ ከስድቡ በምንም አይሻልም፣ ቅሬታውን ደብቆታልና። ሌላው ከእርማት የሚተርፈው ሽሙጥ ነው። «ስላከበራችሁን እግዜር ይስጥልን» ቃሉ ምርቃት ቢሆንም አንባቢው ወርቁን አያጣውም። አማርኛ ላይ ቁጣ የሚደበቅበት ሌላው ቦታ የግስ መድረሻ ነው፤ «እርስዎ» ሲባል የቆየ ሥራ አስኪያጅ መሐል ላይ «አንተ» ከሆነ፣ ሌላ ስድብ አያስፈልግም።

የአስመጪው ድርጅት ኃላፊ የውጭ ሰው ከሆነና ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የሚሄድ ከሆነ፣ እንግሊዝኛው በራሱ ያቀዘቅዘዋል ተብሎ ይታመናል። አያቀዘቅዘውም። እዚያ ቁጣ የሚታየው በግስ መድረሻ ሳይሆን ሙሉውን በትልልቅ ፊደል በመጻፍና ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ «እናንተ» ብሎ በመጀመር ነው፤ ፊደሉን ዝቅ ማድረግ፣ ዐረፍተ ነገሩንም በማሽኑ ወይም በቀኑ መጀመር ይበቃል። ከዚያ የከፋው የቀን ስሕተት ነው። በእኛ አቆጣጠር 20/04/2017 ተብሎ የተጻፈ ታኅሣሥ 20፣ ለፈረንጁ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈ ኤፕሪል 20 ነው። ዲሴምበር 29 ቀን 2024 ተብሎ ወሩ በስሙ መጻፍ አለበት።

«የሚጮኽ ነው ቶሎ የሚስተናገደው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ በመስኮት ፊት እውነትነት አለው። እዚያ ጯኺው ራሱ ቆሟል፣ ወረፋው ሁሉ ያየዋል፣ ጸሐፊዋም እንዲሄድላት ትፈልጋለች። ኢሜይል ግን ጩኸቱን ላልሰማ ሰው ይተላለፋል፤ ለሒሳብ ክፍል፣ ለጠበቃ፣ ምናልባትም ለዳኛ። ጯኺው ራሱ አብሮ ሄዶ «ምን ሆኜ እንደሆነ» ሊያስረዳቸው አይችልም። ንዴቱ መተንፈሻ ካጣም ረቂቁን መጻፍ አይከለከልም፤ የተቀባዩን አድራሻ ግን ባዶ ይተዉት፤ የሚሞላው ቀኑ፣ ብሩና የጥያቄው ገደብ በቦታቸው መግባታቸው ከታየ በኋላ ነው።